ነባሩ አሠሪ «አትሂጂ» ሲል፦ ስለ ማቆያ ጭማሪ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

«በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ መስከረም 10 አምስት ዓመት ይሞላኛል። ደመወዜ ሳይጣራ 32,000 ብር ነው። የክፍሉ ኃላፊ ባለፈው ጥቅምት ስለለቀቁ ሥራቸውን ደርቤ እየሠራሁ ብሆንም መደቡ አልተሰጠኝም። ሌላ ድርጅት በሒሳብ ክፍል ኃላፊነት በ48,000 ብር ሊቀጥረኝ ደብዳቤ ሰጥቶኛል። ሰኔ 12 መልቀቂያ ሳስገባ ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ ደመወዜን 36,000 እንደሚያደርጉልኝ፣ 9,000 ብር የኃላፊነት አበል እንደሚጨምሩልኝ፣ የኃላፊነቱ ጉዳይም ቦርዱ ሲሰበሰብ እንደሚታይ ነገሩኝ። ሥራ አስኪያጁን አከብራቸዋለሁ፤ ቢሮውም ለቤቴ ቅርብ ነው። ልቆይ ወይስ ልሂድ?»

በቀረበልዎ መልክ አይቀበሉት። ይህን የምለው ገንዘቡ አንሷል ብዬ አይደለም፤ በገንዘብ ረገድ ሁለቱ ግብዣዎች ከሚመስለው በላይ ተቀራራቢ ናቸው። ምክንያቴ ሌላ ቦታ እንዲፈልጉ ያደረገዎት ነገር በማቆያው ውስጥ አለመኖሩ ነው። ይሁን እንጂ እምቢ ብለው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዎ በሚያልቅበት ሐምሌ 12 ከመውጣትዎ በፊት በደንብ ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ቀን አለ፤ እሱም እርስዎ በጥያቄዎ መጀመሪያ እንደ ቀላል ነገር ያነሡት መስከረም 10 ነው። በሰው ኃይል አስተዳደር በሠራሁባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት፣ በእኛ ቋንቋ ካውንተር ኦፈር የምንለውን እንዲህ ያለ ማቆያ ብዙ ጊዜ ያዘጋጀሁት እኔው ስለሆንኩ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ማቆያው በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ሆኜ ያየሁትን ጭምር ነው።

ስሌቱን እርስዎ በሙያዎ ሳይሠሩት አይቀሩም፤ ሌላው አንባቢ እንዲከተለን ግን በአጭሩ ላስቀምጠው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በወር ከ14,000 ብር በላይ የሆነው የደመወዝ ክፍል 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ በዚህ እርከን ላይ ያለ ሠራተኛ ግብሩን የሚያገኘው ጠቅላላ ገቢውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር በመቀነስ ነው። በዚያ ላይ 7 በመቶ የሠራተኛ የጡረታ መዋጮ አለ፤ እሱ ግን የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ዛሬ ከ32,000 ብሩ እጅዎ የሚገባው 20,610 ብር ነው። አዲሱ ድርጅት የጻፈልዎ 48,000 ብር ሙሉ በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ ከሆነ የተጣራው 29,890 ብር ይሆናል። ማቆያው ደግሞ ደመወዙና አበሉ ተደምሮ 28,780 ብር ያስገባልዎታል። በደብዳቤ ላይ ሲታይ 3,000 ብር የሆነው ልዩነት እጅ ላይ ሲደርስ 1,110 ብር ብቻ ነው። በእግርዎ የሚደርሱበትን ቢሮ ትተው በየቀኑ ሁለት ታክሲ የሚይዙበት ሰፈር የሚሄዱ ከሆነ ይህ ልዩነት በትራንስፖርት ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ የወር ገቢው ውሳኔውን አይወስንልዎትም። ነገር ግን ገንዘቡ በምን ስም እንደተሰጠ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው «45,000 አደረጉልኝ» ብሎ ይደምረውና 9,000 ብሩ ለምን በደመወዙ ውስጥ እንዳልገባ ሳይጠይቅ ያልፈዋል።

አሠሪ ማቆያውን በአበል መልክ የሚሰጠው ሁልጊዜ በተንኮል አይደለም። ድርጅቱ የደመወዝ ስኬል ካለው የአንዱን ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ መሠረታዊ ደመወዝ ከእርከኑ ጣሪያ በላይ ማውጣት በዚያው መደብ ላይ ያሉትን ሌሎች ሠራተኞች ወደ ቢሮ ያስመጣል፤ አበል ግን ከሥራው ጋር ተያይዞ ስለሚሰጥ ጥያቄ አያስነሣም። ችግሩ አበል ከሥራው ጋር ተያይዞ እንደመጣ ሁሉ ከሥራው ጋር ተያይዞ መሄዱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከውጭ ኃላፊ ቢቀጠርና እርስዎ ወደ ቀድሞው መደብዎ ቢመለሱ፣ የኃላፊነት አበሉ የሚቆምበት ምክንያት በስሙ ላይ ተጽፏል። ደመወዝ ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀነስም። ከዚህም ሌላ የዓመቱ የመቶኛ ጭማሪ፣ በብዙ ድርጅቶች ቦነስም፣ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው፤ ከታች የማነሣው የሥራ ስንብት ክፍያም እንዲሁ ነው። ጡረታን በተመለከተ ግን ብዙዎች ከሚያስፈራሩት በተለየ፣ በእርስዎ ዕድሜ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ስለሆነ፣ ዛሬ ያነሰ መዋጮ መክፈልዎ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያገኙትን አይወስነውም።

ከአበሉ ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው የ4,000 ብሩ የደመወዝ ጭማሪ ምንጭ ነው። ወሩ ሰኔ ነው። ድርጅትዎ እንደ አብዛኛው ድርጅት የዓመቱን የደመወዝ ማስተካከያ በሐምሌ የሚያደርግ ከሆነ፣ ከ32,000 ወደ 36,000 የተባለው 12.5 በመቶ ለእርስዎ ተብሎ የተፈጠረ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ በሐምሌ ለሁሉም ሊሰጥ ከታሰበው ላይ ቀድሞ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ፤ በጀቱ ስለጸደቀ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፣ ሠራተኛውም ያገኘ ይመስለዋል። ለማወቅ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ይህ ጭማሪ የሐምሌውን ማስተካከያ ይጨምራል ወይስ ከእሱ ውጭ ነው?» መልሱ «ይጨምራል» ከሆነ በመሠረታዊ ደመወዝዎ በኩል የቀረበልዎ ማቆያ ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

ሰኔ 12 መሆኑ ራሱ ሌላ ነገር ይነግረናል። እርስዎ በሒሳብ ክፍል ውስጥ ነዎት፤ የክፍሉ ኃላፊ የለም፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቆጠራው፣ የባንክ ማስታረቁ፣ የኦዲተሮች ጥያቄና ማስረጃ ማቅረቡ አለ፤ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ደግሞ ዓመታዊ የትርፍ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለበት። መልቀቂያዎን ይዘው ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲወጡ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ጊዜ ስላየሁት መገመት አልቸገርም። ሥራ አስኪያጁ የሰው ኃይል ኃላፊውን ያስጠራሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሌላ ሰው ለማግኘት ስንት ሳምንት ይፈጃል?» የሚል ነው። ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ፈተና ተሰጥቶ፣ የተመረጠው ሰውም ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እስኪመጣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ነው። ሁለተኛው «ኦዲተሮቹ ሲመጡ ፋይሉ የት እንዳለ ማን ያውቃል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የእርስዎ ስም ብቻ ከሆነ ማቆያው በዚያው ቀን ይጻፋል።

ከዚህ ተነሥቼ ሥራ አስኪያጁ ሊያታልሉዎት ነው አልልም። ሰውየው እንደሚያከብሩዎት፣ ለሥራውም እውነተኛ ጭንቀት እንዳለባቸው እቀበላለሁ። የምለው ማቆያው የተለካው በእርስዎ የወደፊት ቦታ ላይ ሳይሆን እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ባለው የሥራ ጫና ላይ ሊሆን እንደሚችል ነው። ምልክቶቹ ጎልተው ይታያሉ። «ቆዪ» በተባሉ በሳምንቱ ውስጥ የሚያውቁትን ሁሉ ለጀማሪ ባለሙያ እንዲያሳዩ በጽሑፍ ከታዘዙ፣ የሥራ መዘርዝርዎን እንዲጽፉ ከተጠየቁ፣ ወይም መደቡ ላይ ከውጭ ሰው ሊቀጠር መሆኑን ከሰሙ፣ እርስዎ ጊዜያዊ ድልድይ ብቻ መሆንዎን ማወቅ ይችላሉ። በሌላ በኩል ሥራ አስኪያጁ ከኦዲት ድርጅቱ ጋር በሚደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ እርስዎን የክፍሉ ኃላፊ ብለው ካስተዋወቁና የባንክ ፈራሚነት ለውጡን ካስጀመሩ ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ስምንት ወር ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ ኃላፊ አልተባሉም። አዲሱ ድርጅት የሚሰጥዎት ይህንኑ ስም ነው። ነባሩ የሰጥዎት ደግሞ ስሙን ሳይሰጥ ለሥራው ክፍያ ነው፤ ያውም ስምንቱን ወር ትቶ ከአሁን ወዲያ ያለውን ብቻ። የኃላፊነቱ ጉዳይ ቦርዱ ሲሰበሰብ ይታያል የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ያንብቡት፤ ውስጡ ቀን የለም፣ የሚያቀርብ ሰው የለም፣ ውሳኔውም ምን እንደሚሆን አልተነገረም። ለመሆኑ የክፍል ኃላፊ ሹመት በእርግጥ የቦርድ ሥልጣን ነው? በአብዛኞቹ መካከለኛ የግል ድርጅቶች ቦርዱ የሚሾመው ዋና ሥራ አስኪያጁን፣ ቢበዛ ምክትሎቹን ነው፤ የክፍል ኃላፊን የሚሾሙት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው። የቀድሞው ኃላፊ የሹመት ደብዳቤ በማን እንደተፈረመ ፋይሉን የሚያውቅ ሰው ይንገርዎት። በሥራ አስኪያጁ ከተፈረመ፣ ለእርስዎ ሲሆን ቦርድ ያስፈለገበትን ምክንያት በጨዋነት መጠየቅ ይችላሉ።

ስለዚህ መልስዎን «እቆያለሁ» ወይም «እሄዳለሁ» ብለው አይጀምሩ። አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የሚጸና፣ በሒሳብ ክፍል ኃላፊነት መደብ ላይ የተመደቡበት፣ መሠረታዊ ደመወዝዎ 45,000 ብር መሆኑን የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ። ይህን እስከ ሰኔ 25 እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ቀኑን የምመርጠው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከሰኔ 25 በኋላ ሁሉም ሰው በመዝጊያው ስለሚጠመድ ደብዳቤዎ «ከመዝጊያው በኋላ» ይባላል፣ ከመዝጊያው በኋላ ደግሞ ማስጠንቀቂያዎ አልቋል።

የሚያገኙት መልስ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ከመጣ ሁለቱ ግብዣዎች በእውነት እኩል ይቀርባሉ፤ እንዲያ ከሆነ ሥራ አስኪያጁን ማክበርዎና የቤትዎ ቅርበት ለመወሰን በቂ ምክንያቶች ናቸው፣ ቢቆዩም አላዝንልዎትም። «ደመወዙን እናስተካክላለን፣ ሹመቱ ግን ይቆይ» ከተባለ ይሂዱ፤ ገንዘብ የጨመረ ሰው ስም ለመስጠት የሚቸገረው ለቦታው ሌላ ሰው ሲያስብ ነው፣ ወይም እርስዎ ለቦታው አይመጥኑም ብሎ ሲያምን ነው፣ ሁለቱም በስምንት ወር ያልተለወጡ በስድስት ወር አይለወጡም። ሦስተኛው «እኔን አታምኚኝም እንዴ?» የሚለው ነው። ይህ አባባል በእኛ አገር የሥራ ቦታ ብዙ ነገር ያስቀራል፣ በተለይ ታላቅ ሰው ሲናገረው። መልሱ «እርስዎን አምናለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ ነገ ቦታ ቢቀይሩ የሚቀረው ወረቀቱ ነው» የሚል ነው። እንዲህ የተባለ ሥራ አስኪያጅ ሲቆጣ አላየሁም፤ ሲስቅና ደብዳቤው እንዲጻፍ ሲያዝ ግን አይቻለሁ።

ወደ መስከረም 10 ልመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 39 መሠረት ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ ለጡረታ መብት ያልደረሰና ከሥልጠና ጋር በተያያዘ ድርጅቱን ለማገልገል የገባው ግዴታ የሌለበት ከሆነ። ድርጅቱ ከፍሎልዎት የተማሩት ነገር ካለና ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ ብለው ከፈረሙ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ያግኙ። ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ 30 እጥፍ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ለአምስት ዓመት ሲሰላ የሁለት ወር ከአንድ ሦስተኛ ደመወዝ ማለት ነው። በ32,000 ብር ደመወዝ ከግብር በፊት ወደ 74,667 ብር ይመጣል፤ ደመወዝዎ 36,000 ከሆነ 84,000፣ ሙሉው 45,000 በደመወዝ ከተጻፈ ደግሞ 105,000 ብር ይሆናል። አበሉ በደመወዝ ውስጥ ይግባ ብዬ የጸናሁት በከፊል ለዚህ ነው። ሐምሌ 12 ከወጡ ግን ከዚህ ሁሉ አንድም ብር አይደርስዎትም፤ አራት ዓመት ከአሥር ወር አምስት ዓመት አይደለምና።

ከሐምሌ 12 እስከ መስከረም 10 ጳጉሜን ጨምሮ ሁለት ወር ያህል ነው። በአሁኑ ደመወዝዎ ሁለት ወር መቆየት፣ አዲሱ ቦታ ቢሄዱ ከሚያገኙት ጋር ሲነጻጸር፣ በወር 9,280 ብር፣ በድምሩ 18,560 ብር ያሳጣዎታል። ከሚያገኙት ስንብት ጋር ሲተያይ፣ ግብሩ ተቀንሶም ቢሆን፣ መቆየቱ ያዋጣል። እርስዎና ነባሩ ድርጅት የምትገናኙበትም ቦታ እዚህ ነው፤ እሱ ኦዲቱ ሳያልቅ እንዳይሄዱበት ይፈልጋል፣ እርስዎም መስከረም 10ን ማለፍ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ደብዳቤው ካልመጣ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ መልቀቂያዎን በስምምነት አሻሽለው የመጨረሻ ቀንዎን መስከረም 30 እንዲሆን ያድርጉ፣ በመሐሉ ላሉት ወራት የተጠባባቂነት አበል ይጠይቁ፣ አዲሱን ድርጅትም ጥቅምት 1 ቢጀምሩ እንደሚቀበል ይጠይቁት። ይህን ሲያደርጉ በግልጽ ያድርጉት። ማቆያውን «እቆያለሁ» ብለው ተቀብለው፣ ስንብቱ ሲሞላ በጥቅምት የሚወጡበትን መንገድ አልመክርም፤ የሒሳብ ሙያ ክበቡ ጠባብ ነው፣ ኦዲተሩ ነገ አዲሱ ቢሮዎ ውስጥ ያገኝዎታል።

አዲሱ ድርጅት ይጠብቃል ወይ? ላይጠብቅ ይችላል፤ እሱም ሰኔ 30 ይዘጋልና። የማይጠብቅ ከሆነ ዝም ብለው ከማለፍ ይልቅ የሚያጡትን የስንብት ክፍያ ይንገሩት፤ በመጀመሪያው ወር የአንድ ጊዜ ክፍያ አድርጎ ቢያንስ ከፊሉን የሚተካ ድርጅት አጋጥሞኛል። ካልተካ ይህን ገንዘብ እንደ መሄጃ ዋጋ ቆጥረው ውሳኔው ውስጥ ያስገቡት።

ከአዲሱ ወገን ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛው የሙከራ ጊዜ ነው። በጽሑፍ ከተስማሙ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ለሥራው ተስማሚ አይደሉም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ሊያሰናብትዎት ይችላል። ዛሬ የያዙት የአምስት ዓመት ጥበቃ በአንድ ቀን ወደዚህ ይወርዳል። በጽሑፍ ካልተስማሙበት ግን የሙከራ ጊዜ የለም፤ ተፈልገው የተጠሩ ሰው ስለሆኑ አንቀጹ እንዲወጣ ወይም ወደ 30 ቀን እንዲያጥር መጠየቅ አያሳፍርም። ሁለተኛው «ኃላፊ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዘዋወር፣ የዲሲፕሊን እርምጃ የመውሰድና የመሳሰለው ሥልጣን ያለው የሥራ መሪ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም። የክፍል ኃላፊ ሁሉ የሥራ መሪ ነው ማለት አይደለም፤ የሚለየው በተሰጠው ሥልጣን ነው። ሥልጣኑ የተሰጥዎት ከሆነ ግን የማስጠንቀቂያ ጊዜውም ሆነ የስንብት ክፍያው በውልዎ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ አዋጁ ይደርስልኛል ብለው ሲጠብቁ አይደርስም። ይህ ነባሩ ድርጅት ሹመቱን ቢሰጥዎትም የሚሠራ ማሳሰቢያ ነው።

ከቆዩ ደግሞ መልቀቂያዎን አይርሱት። ይህን አጥብቄ የምናገረው በእጄ ካለፈ ጉዳይ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት አንድ የግዢ ባለሙያ መልቀቂያ አስገባ፤ ኃላፊው በቃል አግባባው፣ ጭማሪው ፔይሮል ላይ ገባ፣ ሰውየውም ሥራውን ቀጠለ። ደብዳቤው ግን መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ከግል ማኅደሩ ጋር ተያይዞ ቀረ፤ እኔም አላስወጣሁትም፣ ማንም አላስታወሰኝም። ከአራት ወር በኋላ ኃላፊው ተቀየረ፣ አዲሱ ኃላፊ ሠራተኛ መቀነስ ፈለገ፣ ማኅደሩን ሲያገላብጥ ደብዳቤውን አገኘና «በጠየቁት መሠረት ተሰናብተዋል» የሚል ጻፈበት። ሰውየው ከማስጠንቀቂያው ቀን በኋላ አራት ወር እየሠራ ደመወዝ መቀበሉ ለክርክሩ ጥሩ ማስረጃ ነበር፤ ጉዳዩም በመጨረሻ በስምምነት አለቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ያለ ደመወዝ ተቀምጧል። እርስዎ ከቆዩ በማቆያው ደብዳቤ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፦ «ሠራተኛዋ ሰኔ 12 ቀን ያቀረቡት የሥራ መልቀቂያ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ተሰርዟል፤ የቀድሞው አገልግሎታቸውም ሳይቋረጥ ይቀጥላል።» የመጨረሻዋ ሐረግ ለመስከረም 10 ታስፈልጋለች።

እስከዚያ ድረስ ለአዲሱ ድርጅት አይፈርሙ፣ በዝምታም አያቆዩት። «ነባሩ ድርጅት አንዳንድ ነገሮችን በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ ጠይቄአለሁ፤ ሰኔ 26 ቀን የመጨረሻ መልሴን እሰጣለሁ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ የማቆያውን መጠን መንገር አያስፈልግም። ውሉን ፈርመውለት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያም የመጀመሪያ ቀንዎን እየጠበቀ ሌላ አመልካች የመለሰ ሰው አለ። እንዲያ ከሆነ ለሥራ አስኪያጁ ከሰኔ 25 ቀን በፊት፣ ዛሬውኑ፣ መፈረምዎን ይንገሯቸው፤ ስለ መስከረም 30 መነጋገር የሚችሉትም ይህን ካወቁ በኋላ ነው።